ለማን ነው የሚነገረው?
በሥራ ቦታ ማጭበርበር ሲያጋጥም ስለሚጠቁሙ ሠራተኞች ጥበቃ በማኅበራችን ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



በማኅበራችን ውስጥ በሂሳብ፣ በደመወዝና በቢል ሥራ የምንተዳደር አባላት አለን። የዛሬውን ንግግር ያዘጋጀነው እኛው ተመካክረን ነው። ከእናንተ ብዙዎቻችሁ ደግሞ በሆም ኬር፣ አዛውንቶችንና ሕሙማንን ቤታቸው ድረስ ሄዳችሁ በመንከባከብ ትሠራላችሁ። እናንተ በሽተኛው ቤት የምታዩትን እኛ ቢሮ ውስጥ በወረቀት ላይ እናየዋለን። አንዳንድ ጊዜ ሁለቱ አይገጥሙም። ያልተሠራ ሰዓት እንደተሠራ ተጽፎ ለሜዲኬይድ ይላካል፤ መንግሥትም ይከፍላል።

እንዲህ ያለውን ነገር ያየች ሠራተኛ ሁለት መንገድ አላት። አንደኛው ለአለቆቿ መናገር ነው። ሁለተኛው ወደ ውጭ ወጥቶ ለመንግሥት ማመልከት ነው። ብዙዎቻችን “እውነት እስከተናገርኩ ድረስ ሕግ ይጠብቀኛል” ብለን እናስባለን። እዚህ አሜሪካ ግን ሕጉ የሚጠይቀው እውነት መናገራችንን ብቻ አይደለም። ለማን ተናገርሽ፣ በምን ተናገርሽ፣ ከተናገርሽስ በኋላ ስንት ቀን አለፈ ብሎም ይጠይቃል። ዛሬ የምንነጋገረው በዚህ ላይ ነው።

በመጀመሪያ ስለ ቃሉ ትንሽ እንበል። በእኛ ዘንድ የሰው ገመና ወደ አለቃ የሚያመላልስ “አሳባቂ” ይባላል፤ ማንም በዚህ ስም መጠራት አይፈልግም። የአገራችን ሕግ ግን ለዚህ ሌላ ቃል አለው። በ2003 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 699 “የወንጀል ምስክሮችና ጠቋሚዎች ጥበቃ አዋጅ” ይባላል። እኛም “ጠቋሚ” የሚለውን ቃል እንጠቀማለን። ጠቋሚ ማለት ስለ ሰው ጠባይ የምታወራ ሳትሆን፣ በማስረጃ ላይ ቆማ ጥፋት የምታሳይ ሰው ናት።

አሁን ወደ አንድ እውነተኛ የፍርድ ጉዳይ እንግባ። ፖል ሶመርስ የተባለ ሰው ዲጂታል ሪያልቲ ትረስት በሚባል የአክሲዮን ኩባንያ ውስጥ ከ2010 እስከ 2014 በምክትል ፕሬዚዳንትነት ደረጃ ሠርቷል። የቅርብ አለቃው የአክሲዮን ሕግ ጥሷል ብሎ ስለጠረጠረ ለበላይ ኃላፊዎች ተናገረ። ብዙም ሳይቆይ ከሥራ ተባረረ። የአክሲዮን ገበያን ለሚቆጣጠረው የፌዴራል ኮሚሽን ግን አላመለከተም ነበር። ከዚያም በ2010 የወጣውን ዶድ ፍራንክ የተባለ ሕግ ጠቅሶ ከሰሰ።

ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰ። በፌብሩዋሪ 2018 ዳኞቹ በሙሉ ድምፅ ሶመርስ በዚህ ሕግ ሊጠበቅ አይችልም ብለው ወሰኑ። ፍርድ ቤቱ ያየው ሶመርስ ያነሳው ክስ እውነት ነው ወይስ ሐሰት የሚለውን አልነበረም። ሕጉ “ጠቋሚ” የሚለው ለኮሚሽኑ ያመለከተን ሰው ነው፤ እሱ ደግሞ የተናገረው በቤት ውስጥ ብቻ ነው፤ ስለዚህ ሕጉ አይመለከተውም፤ ውሳኔው ይኸው ነበር።

ለሶመርስ ሌላ በር ነበረው። በ2002 የወጣው ሳርቤንስ ኦክስሊ የሚባለው ሕግ በአክሲዮን ኩባንያ ውስጥ ለአለቃው ብቻ የተናገረንም ሠራተኛ ይጠብቃል። በዚህ ሕግ ለመጠቀም ግን በ180 ቀን ውስጥ ለሠራተኛ ሚኒስቴር፣ በተለይም ኦሻ ለሚባለው መሥሪያ ቤት ማመልከት ያስፈልጋል። ሶመርስ በዚያ ጊዜ ውስጥ አላመለከተም። ስለዚህ አንደኛው በር የተዘጋበት ለተሳሳተ ሰው በመናገሩ፣ ሁለተኛው የተዘጋበት ደግሞ ቀኑ በማለፉ ነው።

“እኛ በአክሲዮን ኩባንያ ውስጥ አንሠራ፤ ይህ እኛን ምን አገባው?” ትሉ ይሆናል። ያመጣነው ጥበቃ በእያንዳንዱ ሕግ እንደሚለያይ በግልጽ ስለሚያሳይ ነው። ሜዲኬይድንና ሜዲኬርን የሚመለከተው ሕግ ሌላ ነው፤ በአንድ ትልቅ ነገርም ለእኛ የተሻለ ነው።

ይህ ሕግ የሐሰት ክፍያ ጥያቄ ሕግ ይባላል። የወጣው በ1863፣ አሜሪካ በእርስ በርስ ጦርነት ላይ ሳለች፣ ለጦሩ የተበላሸ ዕቃ እየሸጡ ገንዘብ የሚበሉ ነጋዴዎችን ለመያዝ ነበር። ዛሬ በሰፊው የሚሠራው በጤና ክፍያ ላይ ነው። መንግሥትን አውቆ በሐሰት ያስከፈለ ድርጅት የበላውን ሦስት እጥፍ ይከፍላል፤ በዚያ ላይ ለእያንዳንዱ የሐሰት ጥያቄ ከ10 ሺህ ዶላር በላይ ይቀጣል። ለሠራተኞች የሚሰጠው ጥበቃ የተጨመረው በ1986 ሲሆን፣ በኋላም እየሰፋ ሄዷል። ሕጉ የሚጠብቀው ፍርድ ቤት የሄደችውን ብቻ አይደለም። ማጭበርበሩን ለማስቆም በሕጋዊ መንገድ የጣረችን ሠራተኛም ይጠብቃል። ለአለቃ መናገር ከዚህ ጥረት ይቆጠራል። ሶመርስ ያጣውን የቤት ውስጥ ጥበቃ የሆም ኬር ሠራተኛ አላት ማለት ነው።

ይሁን እንጂ ይህ ጥበቃ በማንኛውም ዓይነት አነጋገር አይገኝም። በምሳሌ እንየው። ምሳሌው እኛ ያዘጋጀነው ነው፤ የማንም ድርጅት ታሪክ አይደለም።

አንዲት እህት በአንድ የሆም ኬር ድርጅት የደመወዝ ክፍል ትሠራለች እንበል። አንድ አዛውንት በሜዲኬይድ ክፍያ በቀን 6 ሰዓት እንክብካቤ ያገኛሉ። ማርች 3 ሆስፒታል ገብተው ማርች 13 ወጡ። የገቡበትና የወጡበት ቀን ላይ ተንከባካቢዋ ቤታቸው ልትሠራ ስለምትችል እነሱን እንተዋቸው። በመካከል ያሉት 9 ቀናት ግን ቤታቸው አልነበሩም። በሰዓት መዝገቡ ላይ በእነዚያ 9 ቀናት 6፣ 6 ሰዓት ተጽፏል። 54 ሰዓት ማለት ነው። ድርጅቱ በሰዓት 25 ዶላር የሚያስከፍል ከሆነ፣ 1,350 ዶላር ያለአግባብ ተጠይቋል።

ይህች እህት ወዲያውኑ “ሌቦች ናቸው” ማለት የለባትም። ተንከባካቢዋ ተሳስታ ይሆናል፤ ወይም የተለመደው ፕሮግራም በራሱ አልፎ ይሆናል። ስህተትን ከማጭበርበር የሚለየው ድግግሞሹና አሠራሩ ነው። ተንከባካቢዎች ሲገቡና ሲወጡ በስልክ የሚያስመዘግቡበትን መዝገብ ትመልከት። ሰው በትክክል ሲሠራ አንድ ቀን 8፡57፣ ሌላ ቀን 9፡04 ይገባል። በየቀኑ ልክ 9፡00 ገብቶ ልክ 3፡00 የሚወጣ፣ ያውም ከቢሮ በእጅ የተስተካከለ ከሆነ ያጠራጥራል። ሆስፒታል ገብተው በነበሩ ሌሎች አራት ሰዎች ላይም ይኸው ከተደገመ፣ ማስተካከያው ሁልጊዜ በአንድ ሰው ስም ከሆነ፣ ነገሩ የአንድ ቀን ስህተት አይደለም።

አሁን ለማን ትንገር? በዚህ ደረጃ ላይ ቤት ውስጥ መናገር ጥሩ ምክንያት አለው። በሕጉ መሠረት ድርጅቱ ከሜዲኬይድ ያለአግባብ ገንዘብ እንደወሰደ ሲያውቅና ሲያረጋግጥ በ60 ቀን ውስጥ አስታውቆ መመለስ አለበት። አውቆ ከያዘው፣ መጀመሪያ በስህተት የመጣ ገንዘብ ቢሆንም እንኳ፣ ከዚያ በኋላ በሐሰት ክፍያ ጥያቄ ሕግ ሊያስጠይቀው ይችላል። ስለዚህ የእሷ ማስታወቂያ ለድርጅቱ የመታረም ዕድል ይሰጠዋል፤ “አላውቅም ነበር” የሚለውን መልስ ደግሞ ይወስድበታል። ቅን ድርጅት ከሆነ ቢሉን አስተካክሎ ገንዘቡን ይመልሳል፤ ነገሩም እዚያው ያልቃል።

አነጋገሩ ግን ወሳኝ ነው። አለቃዋን ኮሪደር ላይ አግኝታ “ይህ ሥራ ልክ አይመስለኝም” ብትለው፣ በኋላ ተናግራለች ብሎ የሚመሰክርላት የለም። “ሥራው ዝርክርክ ነው” ወይም “አለቃዬ ትሰድበኛለች” ብትልም ይህ ሕግ አይደርስላትም። ሕጉ የሚመለከተው መንግሥትን በሐሰት ማስከፈልን ነው። ስለዚህ በኢሜይል፣ ለአለቃዋና ድርጅቱ ካለው ለኮምፕሊያንስ ኃላፊው፣ እንዲህ ብትጽፍ ይበጃል፤

“ከማርች 4 እስከ ማርች 12 ደንበኛችን ሆስፒታል ሳሉ በየቀኑ 6 ሰዓት ለሜዲኬይድ መጠየቁን አይቻለሁ። ያልተሰጠ አገልግሎት ለመንግሥት እንደተሰጠ ማቅረብ የሐሰት ክፍያ ጥያቄ ይሆናል ብዬ እሰጋለሁ። በሌሎች አራት ደንበኞች ላይም ተመሳሳይ ነገር አይቻለሁ። ተጣርቶ እንዲታረም እጠይቃለሁ።”

ስድብ የለበትም፤ የማንንም ሐሳብ አይተነትንም። ቀን፣ ሰዓት፣ ከፋዩ መንግሥት መሆኑና ጥያቄዋ ብቻ ነው ያለው። የደንበኛው ስም በድርጅቱ የውስጥ ቁጥር ቢገለጽ ይበቃል።

እኛ የሂሳብ ሠራተኞች እዚህ ላይ ይበልጥ መጠንቀቅ አለብን። ስህተት ፈልጎ ማግኘት የቀን ተቀን ሥራችን ነው። አንዳንድ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለች ሠራተኛ “ቁጥሩ አይገጥምም” ብላ ሪፖርት ስታደርግ ሥራዋን እንደሠራች ብቻ ቆጥረው፣ ድርጅቱ ጠቋሚ መሆኗን አላወቀም ብለው ወስነዋል። ስለዚህ ጉዳዩ የተለመደ ማስተካከያ ሳይሆን በመንግሥት ላይ የቀረበ የሐሰት ጥያቄ ሊሆን እንደሚችል በግልጽ ቃል መጻፍ አለብን።

ኢሜይሉን ከላከች ከሁለት ሳምንት በኋላ በሳምንት 40 ሰዓት የነበረው ሥራዋ ወደ 16 ሰዓት ወረደ እንበል። ማባረር ብቻ አይደለም በቀል ማለት። ሕጉ ከደረጃ ዝቅ ማድረግን፣ ማገድን፣ ማስፈራራትን፣ ማዋከብንና በሥራ ሁኔታ ላይ የሚደረግን ማንኛውንም አድልዎ ይጨምራል። ሰዓት መቀነስም እዚህ ውስጥ ይገባል።

በፍርድ ቤት ማሳየት ያለባት ሦስት ነገር ነው። ሕጉ የሚጠብቀውን ድርጊት መፈጸሟን፣ አሠሪዋ ይህን ማወቁን፣ ሰዓቷም የተቀነሰው በዚሁ ምክንያት መሆኑን። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን ኢሜይሉ ያሳይላታል። ለሦስተኛው የሁለቱ ሳምንት ቅርበት ይረዳታል፤ የቆየ ጥሩ የሥራ ግምገማ ካላትና ሰዓት የተቀነሰባት እሷ ብቻ ከሆነች ደግሞ ይበልጥ ይጠነክራል። በሰዓት 20 ዶላር የምታገኝ ብትሆን፣ 24 ሰዓት በማጣቷ በሳምንት 480 ዶላር ቀርቶባታል። በ10 ሳምንት 4,800 ዶላር ይሆናል። ብትረታ ሕጉ የቀረባትን ደመወዝ እጥፍ፣ ማለትም 9,600 ዶላር ከነወለዱ ያስከፍልላታል። የጠበቃ ወጪዋንም ድርጅቱ ይከፍላል። ከተባረረችም ወደ ሥራዋ እንድትመለስ ሊያዝ ይችላል። ይህን ክስ ለማቅረብ ከበቀሉ ቀን ጀምሮ 3 ዓመት አላት። የሶመርስን 180 ቀን አስታውሱና አነጻጽሩት። ግን 3 ዓመት አለኝ ብሎ መተኛት አይገባም፤ ምስክር ሥራ ይለቃል፣ መዝገብም ይጠፋል።

አሁን ወደ ውጭው በር እንምጣ። ድርጅቱ “ዝም በይ” ካላት፣ ወይም የምታመለክትባቸው ሰዎች ራሳቸው ባለቤቶቹ ከሆኑ፣ ቤት ውስጥ መናገር ወረቀት እንዲያጠፉ ማስጠንቀቅ ብቻ ሊሆን ይችላል። ያን ጊዜ ቀጥታ ወደ ውጭ መሄድ ትችላለች። መጀመሪያ ለአለቃሽ ንገሪ የሚል ግዴታ በዚህ ሕግ ውስጥ የለም።

ወደ ውጭ የሚወጣባቸው መንገዶች ሁለት ናቸው፤ ልዩነታቸው ብዙ ሰው አይገባውም። አንደኛው ጥቆማ ነው። የፌዴራል የጤና ሚኒስቴር ዋና ኢንስፔክተር ቢሮ በ1-800-447-8477 ይቀበላል። በየስቴቱም የሜዲኬይድ ማጭበርበርን የሚከታተል ክፍል አለ፤ አብዛኛውን ጊዜ የሚገኘው በስቴቱ ጠቅላይ ዐቃቤ ሕግ ሥር ነው። ለዋና ኢንስፔክተሩ ቢሮ ስም ሳይሰጡ መጠቆም ይቻላል። ስም አለመስጠት ግን ሁለት ፊት አለው። አሠሪሽ ጠቋሚዋ አንቺ መሆንሽን ካላወቀ አይበቀልሽም። ጠርጥሮ ቢበቀልሽ ግን ማወቁን ማስረዳት ያንቺ ድርሻ ነው፤ በእጅሽም ምንም ወረቀት የለም። ስም የደበቀች ሴት የምትጠበቀው በምሥጢሯ ነው፤ ስሟን የጻፈች የምትጠበቀው በሕጉ ነው። አንዷ የሌላዋን ጥበቃ ሙሉ በሙሉ አታገኝም።

ሁለተኛው መንገድ በመንግሥት ስም የሚቀርብ ክስ ነው። ሠራተኛዋ በጠበቃ በኩል ለፍርድ ቤት ታቀርባለች። ክሱ ቢያንስ ለ60 ቀን ታሽጎ ይቆያል፤ ብዙውን ጊዜ ይራዘማል፣ ዓመታት የሚፈጅበትም አለ። በዚያ ጊዜ መንግሥት በምሥጢር ያጣራል። መንግሥት ክሱን ከያዘውና ገንዘብ ከተመለሰ ከ15 እስከ 25 በመቶ ለእሷ ይሰጣታል፤ መንግሥት ሳይገባበት ራሷ ገፍታ ከረታች ደግሞ ከ25 እስከ 30 በመቶ። በስልክ ብቻ የጠቆመች ሴት ይህን ድርሻ አታገኝም። ሌላ ሰው ቀድሞ በዚያው ጉዳይ ከከሰሰም በሩ ይዘጋባታል። ክሱ ታሽጎ ሳለ ለባልደረባ ማውራት፣ ቡና ላይ ማንሳት፣ በስልክ ቡድን ላይ መጻፍ የተከለከለ ነው። እኛም በማኅበራችን እንዲህ ያለ ጉዳይ ላይ ያለች እህት ዝም ብትለን ልንቀየማት አይገባም።

ማስረጃ ስለመያዝም አንድ ነገር እንጨምር። የበሽተኛ መረጃ ምሥጢር መሆኑን ሁላችሁም ሥራ ስትጀምሩ ተምራችኋል። የምሥጢር ደንቡ ግን ለጠቋሚ ጠባብ በር ትቷል። ድርጅቱ ሕግ ጥሷል ብላ በቅንነት የምታምን ሠራተኛ መረጃውን ለሚመለከተው የመንግሥት ተቆጣጣሪ ወይም ራሷ ለያዘችው ጠበቃ ማሳየት ትችላለች። ለጋዜጠኛ፣ ለዘመድ ወይም ለጓደኛ ማሳየት ግን በዚህ በር አይገባም። እሱም ቢሆን በሥራዋ እጇ የገባውንና ለጉዳዩ የሚያስፈልገውን ያህል ብቻ ነው። የሌላ ሰው ኮምፒውተር ከፍቶ ወይም ፋይሉን ሁሉ ጭኖ መውጣት ጠቋሚዋን ራሷን ተከሳሽ ሊያደርጋት ይችላል። ከሁሉ የሚሻለው ያየችውን በዚያው ቀን፣ በራሷ ማስታወሻ ደብተር፣ ከቀኑና ከሰዓቱ ጋር ጽፋ ቤቷ ማስቀመጥ ነው።

ከእናንተ መካከል “ባዶ ወረቀት ላይ ፈርሚ” ተብላ የፈረመች ልትኖር ትችላለች። እንዲህ ያለች እህት ለማንም ከመናገሯ በፊት ጠበቃ ታማክር። ሕጉ ማጭበርበሩን ባቀደና ተገዶ ባደረገ ሰው መካከል ልዩነት ያደርጋል። በዚያው ጉዳይ በወንጀል የተፈረደበት ሰው ግን ከሚመለሰው ገንዘብ ምንም አያገኝም። ስለዚህ መጀመሪያ የራሷን ሁኔታ ማወቅ አለባት። በጠቋሚዎች ጉዳይ ከሚሠሩት ጠበቆች ብዙዎቹ ክፍያቸውን ከሚገኘው ገንዘብ ላይ ስለሚወስዱ፣ ገንዘብ የለኝም ብሎ መቅረት አያስፈልግም።

እንግዲህ ከዛሬው ይዛችሁ እንድትሄዱ የምንፈልገው ይህን ነው። አንዲት እህት መጥታ “እንዲህ ያለ ነገር አየሁ፣ ምን ላድርግ?” ብትላችሁ፣ መጀመሪያ ገንዘቡ የማን እንደሆነ ጠይቋት። የሜዲኬይድ ከሆነ ለአለቃ መናገርም ጥበቃ አለው፤ በጽሑፍ ይሁን፣ የመንግሥት ገንዘብ መሆኑም ይጠቀስ። የምትሠራው በአክሲዮን ኩባንያ ውስጥ ሆኖ ጉዳዩ የአክሲዮን ሕግን የሚመለከት ከሆነ ግን ለአለቃ ብቻ ተናግሮ መቀመጥ የሶመርስን ዕጣ ያመጣል፤ በቀል ሳይመጣ በፊት ለኮሚሽኑ በጽሑፍ ታመልክት፣ በቀል ከመጣም 180ውን ቀን ትቁጠር። ለኦሻ በቃልም፣ በማንኛውም ቋንቋም ማመልከት ስለሚቻል እንግሊዝኛ የሚቸግራት እህት በዚህ ምክንያት ቀኑ አይለፍባት።

ከስብሰባው በኋላ የሰዓት መዝገብና የክፍያ ወረቀት እንዴት እንደሚነጻጸር ማየት የምትፈልጉ፣ የማንም ስም የሌለበት ናሙና ይዘን መጥተናልና በዚያኛው ጠረጴዛ እንጠብቃችኋለን።